አምስት መቶ ኪሎ ማንጎ በአንድ ሌሊት ለምን አልረጋም? ከደብረ ብርሃን የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ግንቦት ላይ ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ የሴቶች ማኅበር ስልክ ተደወለልኝ። «ጋሼ፣ ማሽኑ ሞቷል መሰለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ እየሠራ ማንጎው አልረጋም። ጋዝ አስሞላን፣ እሱም አልረዳ አለ» አለችኝ ሰብሳቢዋ። ሥራዬ የማቀዝቀዣ ተከላና ጥገና ነው። ማሽን ሞተ ሲባል መጀመሪያ የማነሣው የግፊት መለኪያዬን ነው። በዚያ ቀን ግን ከመለኪያው ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ሠርቷል፤ ማሽኑ ጤነኛ ነበርና።

ጉዳዩን ለመጻፍ የወሰንኩት ተመሳሳይ ስህተት በሌሎች ቦታዎችም ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ሰዎች ማቀዝቀዣ ክፍል ሲገዙ የሚጠይቁት «ስንት ኪሎ ይይዛል?» ብለው ነው። ስንት ኪሎ ይይዛል እና በአንድ ሌሊት ስንት ኪሎ ያረጋል ሁለት የማይገናኙ ጥያቄዎች ናቸው። የማኅበሩ አባላት ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ ሰብሳቢዋን «ሰብሳቢዋ»፣ ማሽኑን የሸጠውን ሰው «ሻጩ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሥራው ሁኔታ

ማኅበሩ ማንጎ የሚያመጣው ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። ፍሬው በአይሱዙ ተጭኖ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ይላጣል፣ ይፈጫል፣ ከዚያም በበረዶ መልክ ለጭማቂ ቤቶችና ለሆቴሎች ይሸጣል። ማንጎው በሌለበት ወር የረጋው ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ሐሳቡ ጥሩ ነው።

መንገዱ ለአሳቢ ሰው የሚያሳስት ነገር አለው። ጣርማ በር ላይ መኪናው ቆሞ ሾፌሩ ጋቢ ሲደርብ ያየ ሰው ፍሬውም አብሮ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። አይደለም። ሸራ ተከድኖበት በሳጥን ላይ ሳጥን የተደረደረ ማንጎ ከሸዋ ሮቢት የያዘውን ሙቀት ይዞ ነው የሚደርሰው። ደብረ ብርሃን ላይ መሐል ካለው ሳጥን አንዱን ፍሬ አውጥቼ የቴርሞሜትሩን መርፌ እስከ ፍሬው ዘር ድረስ ስሰካው 30 ዲግሪ አነበበ። ውጭው በዚያ ሰዓት 16 ዲግሪ ነበር።

ማቀዝቀዣ ክፍሉ ያገለገለ ነው፤ ግን በደህና ተይዟል። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ የበሩ ላስቲክ ይገጥማል። ከማሽኑ ጋር የመጣው ወረቀት ክፍሉ −20 ዲግሪ ሲሆን የማቀዝቀዝ አቅሙ 2.4 ኪሎዋት ነው ይላል። ይህ ማለት ማሽኑ በእያንዳንዱ ሰከንድ 2.4 ኪሎጁል ሙቀት ከክፍሉ አውጥቶ ወደ ውጭ ይጥላል ማለት ነው። የቀረው ታሪክ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ቁጥር ላይ ስለሆነ አንባቢ ይያዝልኝ።

የተፈጠረው ችግር

ማኅበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ጭነት ሲያመጣ 500 ኪሎ የተፈጨ ማንጎ ተገኘ። በ25 ባልዲ፣ በእያንዳንዱ 20 ኪሎ ተደረገና ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ክፍሉ ገባ። ሻጩ «በማግስቱ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ» ብሏቸው ነበር። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የአንዱ ባልዲ መካከል 19 ዲግሪ ነበር። በዚያው ቀን ማታም ውስጡ ገና ፈሳሽ ነው።

አንድ የሠፈር ጥገና ሠራተኛ ተጠርቶ ጋዝ ጎድሏል ብሎ ጨመረ። ቴርሞስታቱንም ከ−18 ወደ −25 ዝቅ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ ሰብሳቢዋ አንዱን ባልዲ አውጥታ በመጥረቢያ ጀርባ ሰነጠቀችልኝ። ዳር ዳሩ የእጅ መዳፍ ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ በረዶ ሆኗል። መሐሉ ላይ ግን ወፍራም ፈሳሽ አለ፤ ትናንሽ አረፋ ይዞ የጠጅ ሽታ ይሸታል። ማንጎው ከበረዶው ቀድሞ መፍላት ጀምሮ ነበር። ከ25ቱ ባልዲ 11ዱ ተደፋ።

ሌላም ምልክት ነበር፣ እነሱ ልብ አላሉትም እንጂ። ከዚያ በፊት በጥቂት በጥቂቱ ያረጉት 80 ኪሎ ያህል በመደርደሪያው ላይ ነበር። ትኩሱ ባልዲ በገባ በማግስቱ ያ ደረቅ በረዶ ጣት የሚያስገባ ሆነ። ማሽኑ ሊያወጣ ያልቻለው ሙቀት ከክፍሉ አልጠፋም፤ ቀድሞ የረጋውን ማቅለጥ ጀመረ። አዲስ ጭነት ሲገባ አሮጌው በረዶ የሚላላ ከሆነ፣ ማሽኑ ከመበላሸቱ በፊት የጭነቱ ብዛት መጠርጠር አለበት።

ስህተቱ የተሠራበት ስሌት

ሰብሳቢዋ ሻጩ የሠራላትን ስሌት በደብተር ጀርባ ላይ ጽፋ አስቀምጣው ነበር። ወረቀቱን ሳየው ነገሩ ተገለጠልኝ። ሻጩ የተጠቀመው የታወቀውን ቀመር ነው።

Q = m × c × ΔT

ሙቀቱ የሚገኘው ክብደትን በልዩ ሙቀት፣ እሱንም በዲግሪ ልዩነት በማባዛት ነው። ልዩ ሙቀት ማለት አንድ ኪሎ ነገርን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ መውጣት ያለበት ሙቀት ነው። ለማንጎ 3.74 ኪሎጁል ነው። ከ30 ዲግሪ እስከ −18 ድረስ 48 ዲግሪ አለ። 500 ሲባዛ በ3.74 ሲባዛ በ48 ወደ 90,000 ኪሎጁል ይመጣል። በ2.4 ሲካፈል 37,400 ሰከንድ፣ ማለትም አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። አንድ ሌሊት።

ማባዛቱ ትክክል ነው። የጎደለው በመንገዱ ላይ ያለው ትልቁ ዳገት ነው። ማንጎ ከመቶ 82 እጁ ውኃ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ዲግሪው ሳይወርድ ብዙ ሙቀት ይለቃል። ይህን ድብቅ ሙቀት እንለዋለን፤ ቴርሞሜትር ላይ አይታይምና። ለንጹሕ ውኃ በኪሎ 334 ኪሎጁል ነው። ለማንጎ የውኃው ድርሻ ብቻ ስለሚቆጠር 0.82 ሲባዛ በ334፣ ወደ 273 ኪሎጁል ይሆናል።

ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለሰብሳቢዋ ያስረዳኋት እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ማንጎ ከ30 ዲግሪ እስከ መርጊያው ጫፍ፣ እስከ −1 ድረስ ሲወርድ የሚያወጣው ሙቀት 116 ኪሎጁል ነው። ከዚያ ዲግሪው ቆሞ ሳለ ፈሳሹን በረዶ ለማድረግ ብቻ 273 ይወጣል። ሠላሳ አንድ ዲግሪ ካወረድነው ጉዞ ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ያውም አንድም ዲግሪ ሳይወርድ። ሻጩ የዘለለው ይህንን ነው።

ትክክለኛው ስሌት ሦስት እርከን አለው፣ እያንዳንዱም በየራሱ ቁጥር ይሠራል።

የመጀመሪያው ከ30 እስከ −1 ማቀዝቀዝ ነው። በ3.74 ይሠራል፤ ለ500 ኪሎ 58,000 ኪሎጁል ይሆናል።

ሁለተኛው መርጋቱ ነው። 273 በ500 ሲባዛ 136,500 ይሆናል።

ሦስተኛው የረጋውን ከ−1 እስከ −18 ማውረድ ነው። እዚህ ላይ ልዩ ሙቀቱ ይለወጣል፤ የበረዶ ልዩ ሙቀት የውኃውን ግማሽ ያህል ስለሆነ የረጋ ማንጎ 1.95 ብቻ ነው። ለ500 ኪሎ 16,600 ይሆናል። ሻጩ እዚህ ላይ ደግሞ አብዝቶ ነበር፤ ከዜሮ በታችም በ3.74 ነው ያሰላው።

ድምሩ 211,100 ኪሎጁል ነው። ከሻጩ ቁጥር ሁለት እጥፍ ከሦስተኛ ይበልጣል። ከጠቅላላው ውስጥ መርጋቱ ብቻውን ከመቶ 65 ይወስዳል።

ለትክክለኛነት አንድ ነገር ልጨምር። ማንጎ ንጹሕ ውኃ ስላልሆነ ሁሉም ውኃው −1 ላይ በአንድ ጊዜ አይረጋም። መጀመሪያ የረጋው ውኃ ስኳሩን ወደ ቀረው ፈሳሽ ይገፋዋል፤ ያ ፈሳሽ ወፈር ስለሚል የሚረጋበት ዲግሪ ይወርዳል። −18 ላይ እንኳ ጥቂት ያልረጋ ውኃ ይቀራል። ስለዚህ 273 ጥቂት የተጋነነ ቁጥር ነው። ለማሽን ምርጫ ግን ወደ ደህናው ወገን ያጋደለ ግምት ስለሆነ እንዳለ እጠቀምበታለሁ።

ማሽኑ በእርግጥ ምን ያህል ይሠራል?

211,100 በ2.4 ሲካፈል 24 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። ነገር ግን ማሽኑ የሚያወጣው የማንጎውን ሙቀት ብቻ አይደለም። በግድግዳ የሚገባ፣ በር ሲከፈት የሚገባ፣ የውስጥ ማራገቢያው ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት አለ። ይህን በግምት ማለፍ አልወደድኩም። ክፍሉ ሌላ ጭነት ሳይኖረው −18 ላይ ከደረሰ በኋላ ሰዓት ይዘን ኮምፕረሰሩ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ መዘገብን። በሰዓት ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚሠራው። የአቅሙ ሲሶ፣ 0.8 ኪሎዋት፣ ክፍሉን ባለበት ለማቆየት ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ለማንጎው የሚተርፈው 1.6 ኪሎዋት ነው።

ይህ ቀላል ፈተና በማንኛውም ማቀዝቀዣ ክፍል ላይ ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልገው ሰዓትና ትዕግሥት ነው፤ በሩን መክፈት ግን አይፈቀድም።

211,100 በ1.6 ሲካፈል 36 ሰዓት ተኩል ይመጣል። አንድ ሌሊት ሳይሆን አንድ ቀን ተኩል። ይህም ባልዲው ሙቀቱን ማሽኑ በሚያወጣው ፍጥነት ከለቀቀ ነው፤ ባልዲ ግን አይለቅም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የተጨመረውን ጋዝ ልናገር። ግፊቱን ስለካ ከሚገባው በላይ ሆኖ ስላገኘሁት የተጨመረውን አወጣሁ። ማሽን ሳያቋርጥ መሥራቱና ክፍሉ አለመቀዝቀዙ የጋዝ ጉድለት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከአቅም በላይ የተጫነ ማሽንም ግን ልክ እንደዚያው ነው የሚሆነው። የሚለያቸው ጭነቱ ሲወጣ የሚታየው ነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ፈጥኖ −18 ከደረሰ ጋዙ ጤነኛ ነው። ይህኛው ደርሷል።

ቴርሞስታቱን −25 ማድረጉም አልጠቀመም። ቴርሞስታት ማሽኑን መቼ እንደሚያቆም እንጂ ምን ያህል እንዲሠራ አያዘውም። ማሽኑ ቀድሞም አላቆመም ነበር። ከዚህም በላይ ክፍሉ በቀዘቀዘ ቁጥር የማሽኑ አቅም ይቀንሳል። አትክልት 5 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ሲሠራ ከ4 ኪሎዋት በላይ የሚያወጣው ይኸው ማሽን −20 ላይ 2.4 ብቻ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሻጭ ጋር ስትነጋገሩ «ስንት ኪሎዋት?» ብቻ ሳይሆን «በስንት ዲግሪ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሐሳብ የሰብሳቢዋ ነበር። «ደብረ ብርሃን ውስጥ ተቀምጠን ቅዝቃዜ እንገዛለን እንዴ? ሌሊቱን ውጭ ብናሳድረውስ?» አለች። ግንቦት ላይ ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። ጥያቄዋ ትክክል ስለነበር ሞከርነው።

በመጀመሪያው ሌሊት ማንጎውን እንደመጣ በየሳጥኑ ደርድረን በረንዳ ላይ አሳደርነው። ጠዋት የዳሩ ፍሬ 11 ዲግሪ፣ የመሐሉ ሳጥን ፍሬ 24 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ነፋስ ያልደረሰበት ፍሬ አይቀዘቅዝም፤ የተለቀመ ፍሬ ደግሞ ስለሚተነፍስ የራሱን ጥቂት ሙቀት ይፈጥራል። በሁለተኛው ሌሊት ከሽቦ ወንፊት አልጋ ሠርተን በአንድ ረድፍ አሰጣነው፤ ከታችም ከላይም ነፋስ እንዲያገኘው። ጠዋት ከየአቅጣጫው የተለኩ ፍሬዎች በሙሉ 12 ዲግሪ አካባቢ ነበሩ።

ምን ያህል አተረፍን? ከ30 ወደ 12 መውረድ 18 ዲግሪ ነው፤ በ3.74 ሲባዛ በኪሎ 67 ኪሎጁል። አንድ ኪሎ በሦስቱም እርከን ከሚያወጣው 422 ኪሎጁል ውስጥ ከመቶ 16 ነው። ሰብሳቢዋ ከግማሽ በላይ ጠብቃ ነበርና ትንሽ አዘነች። የደብረ ብርሃን ውርጭ ምንም ቢበረታ የሚረዳን በመጀመሪያው እርከን ላይ ብቻ ነው። ትልቁ ሥራ ከ−1 ላይ ነው የሚጀምረው፣ እሱን ደግሞ የግንቦት ሌሊት አይሠራልንም። ይሁንና 16 በመቶው በነጻ የተገኘ ነው። ከዚያም በላይ ፍሬው ከመፈጨቱ በፊት ስለቀዘቀዘ የመፍላቱ አደጋ ቀረ፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ባልዲውን መተው ነው። የባልዲው መሐል ከዳሩ 15 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። መሐል ያለው ሙቀት ለመውጣት ያንን ሁሉ ወፍራም ማንጎ ማቋረጥ አለበት። የማቀዝቀዣው ነፋስ −20 ሆኖ ቢቆይ እንኳ፣ ወደ መርጊያው ዲግሪ የወረደ ባልዲ ለመርጋት ብቻ ከ24 ሰዓት በላይ እንደሚፈልግ ስሌቱ ያሳያል። ባልዲዎቹ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ይብሳል። ማሽኑን በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ ይህ ጊዜ ብዙም አያጥርም፤ ችግሩ የማሽኑ ሳይሆን የመንገዱ ርዝመት ነውና።

ስለዚህ ማንጎው በሁለት ኪሎ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ተደረገ፤ ከረጢቱም ተጋድሞ አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ እንዲኖረው ተዳምጦ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ከረጢት ከላይም ከታችም ነፋስ ካገኘ በስድስት ሰዓት ገደማ መርጋት ይችላል። ከዚህ በኋላ ጊዜውን የሚወስነው ከረጢቱ ሳይሆን የማሽኑ አቅም ሆነ።

ሦስተኛው የጭነቱን መጠን መወሰን ነበር፤ ስሌቱን ሰብሳቢዋ ራሷ ሠራችው። ከ12 እስከ −1 ድረስ 49፣ መርጋቱ 273፣ ከዚያ እስከ −18 ድረስ 33፤ በኪሎ 355 ኪሎጁል። 200 ኪሎ ቢገባ 71,000 ኪሎጁል ይሆናል፤ በ1.6 ሲካፈል አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የገባ ጠዋት ይደርሳል።

ታዲያ መኪናው የሚያመጣው ከ200 ኪሎ በላይ ከሆነስ? መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ያልተላጠ ማንጎ በደብረ ብርሃን ጥላ ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ የተፈጨ ማንጎ ግን ሰዓታት ብቻ። ስለዚህ በየቀኑ የሚላጠውና የሚፈጨው ዛሬ ማታ ሊረጋ የሚችለው ብቻ ነው። 200 ኪሎ የተፈጨ ለማግኘት 350 ኪሎ ያህል ፍሬ ይበቃቸዋል። የቀረው በወንፊቱ አልጋ ላይ ተራውን ይጠብቃል።

ውጤቱ

በመጀመሪያው የሙከራ ሌሊት 200 ኪሎ ገብቶ 15 ሰዓት ፈጀ። ከስሌቱ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ዘገየ። ምክንያቱን ስንፈልግ ከረጢቶቹ በአንዱ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበው አገኘን። ሁለት አራት ሳንቲ ሜትር ከረጢት ሲደራረብ አንድ ስምንት ሳንቲ ሜትር ከረጢት ሆነ ማለት ነው፤ ውፍረቱ ሲጨምር ጊዜው ከእጥፍም በላይ ይጨምራል። በክፍሉ ውስጥ ሙቀቱን የሚቀበለው የማሽኑ ክፍል፣ የኢቫፖሬተሩ ክንፎችም ወፍራም አመዳይ ይዘው ነበር፤ በሩ ለጭነት ብዙ ጊዜ ስለተከፈተ የገባው እርጥበት ነው።

በሁለተኛው ሌሊት በየከረጢቱ መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ተተወ፣ ጭነቱም በአንድ ጊዜ ገባ። በአንዱ ከረጢት መሐል የቴርሞሜትር ሽቦ አስገብተን ውጭ ሆነን አነበብን። ከምሽቱ 12 ሰዓት 12 ዲግሪ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ −1 ደረሰ። ከዚያ ቆመ። 4 ሰዓት −1፣ 5 ሰዓት −1፣ 6 ሰዓት −1። ከአባላቱ አንዷ አብራኝ ስታነብ አመሸችና «ይኸው እንደገና ሊበላሽብን ነው» ብላ ፊቷ ተለወጠ። ማሽኑ ግን በጣም ጠንክሮ የሚሠራው በእነዚያ ሰዓታት ነበር፤ ቁጥሩ የቆመው እያንዳንዱ የወጣ ሙቀት ዲግሪን ሳይሆን ውኃን በረዶ ስለሚያደርግ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ −2 ነበር። ከዚያ በፍጥነት መውረድ ጀመረ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ −18 አነበብን። አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ስሌቱ ከሰጠን ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው የዘገየው። በዚህ ሥራ እንደዚህ የቀረበ ውጤት ጥሩ ነው፤ ያገለገለ ማሽን በወረቀቱ ላይ ካለው አቅም ጥቂት ዝቅ ማለቱ አይቀርም። የደብረ ብርሃን ከፍታም ድርሻ አለው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ሲነጻጸር ከሦስት አራተኛ ያነሰ ክብደት ነው ያለው። ማራገቢያው በዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት ያንሳል፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙም አብሮ ያንሳል። በውጭ በኩል የአካባቢው ቅዝቃዜ ይህን ያካክሰዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን አያካክሰውም።

ያልተፈታው

መብራት ሲጠፋ ምን ይሁን የሚለው በግማሽ ብቻ ነው የተመለሰው። በክፍሉ ውስጥ 600 ኪሎ የረጋ ማንጎ በነበረበት አንድ ቀን መብራት አምስት ሰዓት ጠፍቶ ነበር። በሩ ስላልተከፈተ ማንጎው ከ−18 ወደ −13 ብቻ ነው የወጣው። ብዙ የረጋ ዕቃ ራሱ የቅዝቃዜ ጎተራ ነው። መብራቱ የሚጠፋው አዲስ ጭነት በገባበት ሌሊት ከሆነ ግን ያልረጋው ከረጢት ለረጋው ሙቀቱን ያጋራል፣ ያኔ ሁለቱም ይጎዳሉ። ጄኔሬተር ለመግዛት ገንዘብ የለም። ለጊዜው የያዙት ሥርዓት ቀትር ላይ መብራቱ ሲወጣና ሲገባ ከዋለ በዚያ ማታ አለመፍጨት ነው፤ ፍሬው አንድ ቀን ቢያድር አይጎዳም።

ለሌላ ምርት እንዴት ይሰላል?

ቁጥሮቹን ለሌላ ፍሬ ለማስላት የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር የውኃው ድርሻ ነው። ድርሻውን በ334 ስናባዛ ድብቅ ሙቀቱን እናገኛለን። ልዩ ሙቀቱን ለመገመት ከመርጋት በፊት ድርሻውን በ3.35 አባዝቶ 0.84 መጨመር፣ ከረጋ በኋላ ደግሞ በ1.26 አባዝቶ 0.84 መጨመር ነው። ይህ ግምት ለማንጎ 3.59 ይሰጣል፤ ትክክለኛው 3.74 ነው። ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነና በትንሹ እርከን ላይ ስለሚያርፍ ውሳኔ አያሳስትም። የውኃውን ድርሻ ግን መገመት ተገቢ አይደለም፤ እሱ በትልቁ እርከን ላይ ያርፋል። ቲማቲም 94 በመቶ ውኃ ስለሆነ ድብቅ ሙቀቱ ከማንጎው 40 ኪሎጁል ያህል ይበልጣል።

ከሁለት ወር በኋላ ለማጽዳት ስሄድ በክፍሉ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ አየሁ። ሰብሳቢዋ ፓፓያ ልትጀምር ነበር። 89 በመቶ ውኃ፤ መርጋቱ 297፣ ከ12 እስከ −1 ድረስ 50፣ ከዚያ በታች 33፣ ድምር 380። ከሥሩ 71,000ን በ380 አካፍላ 187 አግኝታለች። በቁጥሩ ላይ መስመር አስምራ ከጎኑ «በሌሊት ከ185 ኪሎ በላይ አይገባም» ብላ ጽፋበታለች።